ከእሳት እስከ እጅ፦ በካርቲየ 3 የመንገድ ምግብን መመዘን

በባቡር መጥቶ ነጋድ ጣቢያ የሚወርድ ነጋዴ፣ ወደብ ላይ የጭነት ተራ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ዘመድ ጥየቃ የመጣ እንግዳ፣ ሁሉም ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አንድ ቀን መንገድ ዳር መብላታቸው አይቀርም። ካርቲየ 3 እና ጎረቤቶቹ ባለ ቁጥር ሰፈሮች ለዚህ አመቺ ናቸው። ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ ሳምቡሳና ባጂያ በየማዕዘኑ ይጠበሳል፣ ሩዝ በሥጋ በትልቅ ድስት ይቀርባል፣ ለሁለት የተሰነጠቀ የየመን ዓሣ ከምድጃ ይወጣል፣ ሻይ በብርጭቆ ይዞራል። እንግዳው ከየትኛው ሻጭ እንደሚገዛ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ ነው፤ ንጹሕ ልብስ፣ የተጠረገ ደጅ፣ አዲስ የፕላስቲክ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ዛሬ የምከራከረው ይህ መመዘኛ ብቻውን እንደሚያሳስት ነው። በእንዲህ ያለ ሞቃት ከተማ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት፣ ምግቡ እሳት ከለቀቀበት ደቂቃ አንሥቶ የበላተኛው እጅ እስኪገባ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳለፈና በዚያ መካከል ምን እንደነካው ነው።

ከደጋ የመጣ ሰው ይህን ለመቀበል የሚቸገርበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ብዙ ጊዜ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ማታ የተሠራ ወጥ በድስቱ አድሮ ጠዋት ለፍርፍር ሲውል ብዙውን ጊዜ ችግር የማያመጣው ሌሊቱ ራሱ እንደ ማቀዝቀዣ ስለሚያገለግል ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎች እድገታቸው እጅግ ይዘገያል። ጅቡቲ ግን በባሕር ጠለል ላይ ናት፤ በሐምሌ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል፣ ሌሊቱም ወደ 30 ገደማ ነው። ከሰው ሆድ የሚወጡ ባክቴሪያዎች በጣም የሚመቻቸው ሙቀት የሰውነታችን ሙቀት፣ ማለትም 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። የጅቡቲ በጋ ይህን ሙቀት ያለ ማንም ጥረት ያቀርብላቸዋል። በዚህ ሁኔታ አንድ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ቢከፈል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 8፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ከ4,000 በላይ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከ260,000 በላይ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እንዲቀመጥ፣ በክፍል ሙቀትም ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣናት ደግሞ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ገደቡን ወደ አንድ ሰዓት ያወርዱታል። በካርቲየ 3 የበጋ ቀን ልንይዘው የሚገባን ይህን አንድ ሰዓት ነው።

የባክቴሪያዎቹ ቁጥር ለምን ይህን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ለመረዳት በሽታ አምጪዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ በጅቡቲ ከተማ የተደረገ ጥናት ከተቅማጥ ሕሙማን ካገኛቸው ባክቴሪያዎች መካከል መርዝ አመንጪ ኢ.ኮላይ፣ ሺጌላና ካምፒሎባክተር ይገኙባቸዋል። የመጀመሪያው በሞቃት አገሮች የመንገደኞች ተቅማጥ ዋነኛ መንስኤ ነው። ጤነኛ አዋቂን ለማሳመም በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሆኖ መዋጥ አለበት። ቆሻሻ እጅ ወይም ውሃ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ጥቂቱን ሚሊዮን የሚያደርገው ጊዜና ሙቀት ነው። ሺጌላ ግን ከዚህ ይለያል። ከመቶ ያነሱ ሕዋሳት እንኳ ሊበቁት ይችላሉ፣ ጊዜም አይጠብቅም፤ በእጅና በዝንብ በቀጥታ ይመጣል። ስለዚህ የጊዜ መመዘኛው ትልቁን አደጋ ይይዝልናል እንጂ ሁሉንም አይዝም፤ ዝንብ የወረረውን ምግብ ትኩስ ነው ብሎ መብላት አይቻልም።

አሁን አንድ የሳምቡሳ ሻጭ ወስደን ሥራዋን ከጠዋት እስከ ማታ እንከተል። የተፈጨ ሥጋ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ታበስላለች። ውስጡ ትኩስ ከሆነ ሊጡ ስለሚቀደድ ሥጋውን በሳፋ ዘርግታ ታቀዘቅዘዋለች፣ ከዚያም በእጇ እየጠቀለለች ሦስት ማዕዘን ትሠራለች። ጥሬው ሳምቡሳ በትሪ ተደርድሮ ይጠብቃል። ገበያው የሚደራው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው፤ በረመዳን ደግሞ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሽያጩ እጅግ ይፈጥናል። በ170 ዲግሪ ገደማ ዘይት ውስጥ የገባ ሳምቡሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እስከ መሀሉ ቢግል፣ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጥሩ ነው። ጥያቄው ከዘይቱ በፊት ባሉት ስድስት ሰዓታትና ከዘይቱ በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ነው።

ከዘይቱ በኋላ ያለውን እንግዳው በገዛ ዓይኑ ሊያየው ይችላል። ከመንገዱ ማዶ አሥር ደቂቃ ቆሞ ሁለት ነገር ማነጻጸር ይበቃዋል፤ ከድስቱ ስንት ይወጣል፣ ከሳህኑ ስንት ይሸጣል? የሚወጣው ወዲያው እያለቀ ከሆነ የሚገዛው ሳምቡሳ የደቂቃዎች ዕድሜ ያለው ነው። ሳህኑ ላይ ክምር ካለና ሻጯ አሁንም እየጨመረችበት ከሆነ፣ ከሥር ያለው መቼ እንደተጠበሰ እርሷም ላታውቅ ትችላለች። ብዙ ሰዎች የሚያምኑት ሰልፍ ጠቃሚ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰልፍ ክምርን ይጨርሳል። ረጅም ሰልፍ ኖሮ ምግቡ ጠዋት ከተሠራ ትልቅ ድስት ብቻ የሚጨለፍ ከሆነ ግን ሰልፉ ስለ ጣዕሙ እንጂ ስለ ደኅንነቱ አይመሰክርም። ሌላው የሚታይ ነገር የቀዘቀዘውን ሳምቡሳ ገዢ ሲመጣ ዘይት ውስጥ ለአፍታ ነክሮ ማውጣት ነው። ላዩ ያቃጥላል፣ ውስጡ ለብ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ከመንከስ በፊት ለሁለት መክፈል ነው፤ ከመሀሉ እንፋሎት ካልወጣ መተው ይሻላል። የዘይቱ መጥቆር ብዙ ሰው ያስፈራዋል። ደጋግሞ የተቃጠለ ዘይት ለጣዕምም ለዘለቄታው ጤናም ጥሩ አይደለም፤ የዛሬ ማታን ተቅማጥ የሚያመጣው ግን እርሱ አይደለም። ለዛሬው አሳሳቢው ያልጋለ ዘይት ነው፤ ሳምቡሳው ሲገባ በኃይል ካልተንጨረጨረ ሙቀቱ አልደረሰም።

ከዘይቱ በፊት ያሉት ስድስት ሰዓታት የበለጠ ያስቸግራሉ። በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ የሚኖር ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። በእጅ የተጠቀለለ የበሰለ ሥጋ ውስጥ ገብቶ በ38 ዲግሪ ለሰዓታት ከቆየ መርዝ ያመርታል። ባክቴሪያው በዘይቱ ይሞታል፣ መርዙ ግን ፈልቶም ተጠብሶም ይቀራል። ስለዚህ ትኩስ የሆነ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። መድኃኒቱ ሻጯ በትንሽ በትንሹ መጠቅለሏ ነው፤ ከፊቷ ሃያ ሠላሳ ጥሬ ሳምቡሳ ብቻ ያላት፣ ሲያልቅ ሌላ የምትጠቀልል ሻጭ ከመቶ በላይ አስቀድማ ደርድራ ከጠበቀችው በብዙ ትሻላለች። ባጂያ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ጥራጥሬ ተነክሮ ተፈጭቶ ጥሬው ሊጥ በቀጥታ ወደ ዘይት ይጣላል እንጂ አስቀድሞ በስሎ፣ ቀዝቅዞ፣ በእጅ ተጠቅልሎ አይጠብቅም። ለተጠራጠረ እንግዳ በካርቲየ 3 የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን የምመክረው ከፊቱ ሲጠበስ ያየውን ባጂያ ነው።

እንግዲህ ሳምቡሳው ወይም ባጂያው በደኅና ወጣ እንበል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሻጯ ከጎኑ አረንጓዴ የቃሪያ ድልህ ትጨምርበታለች። ድልሁ ጥሬ ቃሪያ፣ ጥሬ ድንብላል፣ ውሃና ሎሚ ነው፤ ጠዋት ተፈጭቶ ቀኑን ሙሉ በክፍት ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጣል፣ ብዙ ማንኪያም ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሜክሲኮዋ ጓዳላሃራ ከተማ ምግብ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበውን ድልህ መርምሮ ተቅማጥ አምጪ የኢ.ኮላይ ዓይነቶችን አግኝቶበታል። ከተማው ሌላ ነው፣ ድልሁ ግን በአሠራሩም በአቀማመጡም የእኛው ዓይነት ነው። ሎሚና ቃሪያ ባክቴሪያን ይገድላሉ የሚለውን እምነት ብዙ ሰው ይዟል፤ በሳህኑ ውስጥ ያለው የሎሚ መጠን ግን ለዚህ አይበቃም። ጥሬ ሰላጣ፣ በእጅ የተላጠና የተቆራረጠ ፍራፍሬ፣ ጭማቂ ውስጥ የሚጨመር በረዶም ከዚሁ ወገን ናቸው። በረዶ ባክቴሪያን ያቆየዋል እንጂ አይገድለውም። የከተማዋ የውሃ አቅርቦት እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያው ሃዳጋላ በቧንቧ ውሃ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ጨምሯል፤ መንገድ ዳር ያለው ጥያቄ ግን ውሃው ከየት መጣ ሳይሆን በምን ተቀምጧል ነው። ከበርሜል በጣሳ የሚጨለፍ፣ እጅ የሚገባበት ውሃ ምንጩ ንጹሕ ቢሆንም ይበከላል። ሻይ ራሱ ስለሚፈላ ከሁሉ አስተማማኙ መጠጥ ነው፤ ብርጭቆው ግን ሁሉም በሚነከርበት አንድ ባልዲ ታጥቦ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ትኩስ ሻይ አለቅልቆ መድፋትና እንደገና ማስቀዳት ቀላል ነው።

ስለ ትልቁ ድስት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐበሻ ምግብ ቤቶችንም ይመለከታልና። የሥጋ ወጥና ሩዝ በብዛት ተሠርተው በቀስታ ሲቀዘቅዙ ከመፍላት የተረፉ የባክቴሪያ ዘሮች ይነቃሉ። በወጥ ውስጥ የሚራባው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ከ40 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ከሁሉ በላይ ይፈጥናል፤ የሚያሳምመው መርዝ ግን ብዙውን ጊዜ ከተዋጠ በኋላ በአንጀት ውስጥ የሚያመርተው ስለሆነ፣ ወጡን እንደገና በደንብ ማንተክተክ ይረዳል። በሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሲሪየስ የሚተወው መርዝ ግን በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ የቆየን ወጥ «አንተክትኪልኝ» ማለት ዋጋ አለው፤ የቆየን ሩዝ ማሞቅ ግን ዋጋ የለውም። ሩዝ የሚበላው በምሳ ሰዓት፣ ድስቱ ገና ከእሳት ሲወርድ ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የተረፈ ሩዝ በርካሽ ሲሸጥ መግዛት አይገባም።

የየመን ዓሣ ለብቻው መታየት አለበት። እስከ አጥንቱ የሚያግል፣ በጋለ ምድጃ የሚጋገር ምግብ ስለሆነ በመመዘኛዬ አንደኛ መውጣት ነበረበት። ሆኖም ቱናና የመሳሰሉት ዓሦች ከተያዙ በኋላ በሙቀት ከቆዩ በሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይከማቻል፣ እሳትም አያጠፋውም። የበላው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ብዙዎች የዓሣ አለርጂ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ወሳኙ ከእሳት በኋላ ያለው ጊዜ ሳይሆን ከባሕር እስከ እሳት ያለው ነው። ስለዚህ ከመጋገሩ በፊት ዓሣውን ለማየት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በረዶ ላይ መተኛቱን፣ ዓይኑ መጥራቱን፣ ስንጥቡ መቅላቱን፣ ሥጋው ሲጫኑት መመለሱን ማየት ይቻላል። ሂስታሚን ያለበት ዓሣ ግን ሁልጊዜ የተበላሸ አይመስልም። የመጀመሪያው ጉርሻ ምላስን እንደ በርበሬ ከለበለበ ወዲያው መተው ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላሎችም አይደሉም። አንደኛው «የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይበላዋል፣ ምንም አይሆንም» የሚለው ነው። በነዚህ ባክቴሪያዎች መካከል ያደገ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ የተወሰነ የመከላከል አቅም ያተርፋል፤ ያንን አቅም ሕፃናት በሕመም፣ አንዳንዶቹም በሕይወታቸው ከፍለውበታል። እንግዳው ያን አቅም ይዞ አልመጣም። ኢትዮጵያዊ በመሆናችን ብቻ ሆዳችን ለምዷል ማለትም አያዋጣም፤ የተለያየ ቦታ የተለያየ ዝርያ አለው፣ አቅሙም ከጊዜ በኋላ ይደክማል። ሁለተኛው «ሆቴል ብበላ ከሁሉ ይሻላል» የሚለው ነው። ሆቴሉ ማቀዝቀዣና የእጅ መታጠቢያ አለው፣ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ለብ ባለ ውሃ ላይ ለሦስት ሰዓት የተዘረጋ ቡፌ፣ ከዓይን ርቆ የተቆራረጠ ሰላጣ፣ ከፊቴ ከሚጠበስ ባጂያ የተሻለ ነው ብዬ አላምንም። መንገድ ዳር ያለው ትልቁ ጥቅም ኩሽናው ግድግዳ የሌለው መሆኑ ነው፤ ሁሉንም ማየት ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመጣው ከሐኪሞች ነው። ኔፓል ውስጥ መንገደኞችን ለረጅም ጊዜ ያከመው ዴቪድ ሽሊም እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጽሑፍ፣ መንገደኞች ምግባቸውን በመምረጥ ተቅማጥን መቀነሳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ደካማ መሆኑን፣ ዋናው ነገር የምግብ ቤቶቹ ንጽሕና መሆኑን አስረዳ። ይህን ማጣጣል አይቻልም። ምርጫ ከተቅማጥ ነጻ አያወጣም፤ የሚሻሻለው ውሃ፣ ፍሳሽና ማቀዝቀዣ ሲኖር ነው፣ ይህ ደግሞ በእንግዳው እጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ከተማዋን እንዳጥለቀለቃት ያለ ጎርፍ ሲደርስ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከመንገዱ ውሃ ጋር ሲቀላቀል፣ የትኛውም የሻጭ ምርጫ ብዙ አይረዳም፤ በዚያን ሰሞን የታሸገ ወይም ቤት የፈላ ነገር ላይ መወሰን ነው። ሽሊም የሚቃወመው ግን በዋናነት መንገደኛውን ሁሉን ነገር ተጠንቀቅ ከማለት በቀር ምንም የማይሰጠውን አጠቃላይ ምክር ነው። እኔ የማቀርበው ከዚያ ጠባብ ነው፤ የመርዝ አመንጪ ኢ.ኮላይ አደጋ በተዋጠው መጠን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ጊዜውን ያሳጠረ ሰው የሚውጠውን መጠን ቀንሷል፣ ባይታመም ጥሩ፣ ቢታመምም ቀለል ሊልለት ይችላል።

«በድሆች ላይ መፍረድ ነው» የሚሉም አሉ። በካርቲየ 3 ከሚሸጡት ብዙዎቹ በዚህ ገቢ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸውም አገራቸውን ለቀው የመጡ አሉ። ፍርዱ በልብስ፣ በጠረጴዛ ጨርቅና በቦታው ውበት ሲሆን በእርግጥ በድህነት ላይ መፍረድ ነው። በጊዜና በእሳት ሲሆን ግን ያለ ገንዘብ ሊደረግ የሚችለውን ነው የሚመዝነው። «እህቴ፣ ከሳህኑ ሳይሆን አሁን የምትጠብሺውን ስጪኝ፣ እጠብቃለሁ» ብሎ መቆም ማንንም አያዋርድም። በሶማልኛ «ኩሉል» ብሎ ወደ ድስቱ ማመልከትም ይበቃል። ድልሁን «ይቅርብኝ» ማለትም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ይታመማል፤ ያን ጊዜ አብዛኛው የሚከስሰው የመጨረሻ የበላበትን ሻጭ ነው። ሰዓቱን መቁጠር ይበልጥ ያስረዳል። ከበላ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ብርቱ ትውከት የጀመረው ሰው ምናልባት የተቀመጠ መርዝ ነው የበላው፤ የዚያኑ ቀን ሩዝ ወይም አስቀድሞ የተጠቀለለ ሥጋ ይጠረጠራል። ቁርጠትና ተቅማጥ ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት ሰዓት በኋላ ከመጣ ትልቁ የወጥ ድስት ይታሰባል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በኋላ የመጣ ውሃማ ተቅማጥ ደግሞ ከትናንት ወይም ከትናንት በስቲያው ድልህ፣ በረዶ ወይም ሰላጣ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ጠዋት ባጂያ የሸጠችው ሴት ከዚህ ውጭ ናት። እስከዚያው ከፋርማሲ የሚገዛ ኦአርኤስ፣ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በትንሽ በትንሹ መጠጣት ነው። ደም ያለበት ሰገራ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ወይም እንደ ሩዝ እጥበት ያለ ውሃ በብዛትና በተደጋጋሚ መውጣት ከታየ ግን በዚያ ሙቀት የሰውነት ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ነገን ሳይጠብቁ የዚያኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።